ያዘመመ ጽሑፍ፣ ያልተጠናቀቀ ዓረፍተ ነገር፦ የግራፍ ላይ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ስለ መተርጎም

በትርጉም ጥናት ተከታታይ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። ስለ ግራፍ እናገራለሁ፤ ስለ ግራፍም ስል በላዩ ስላሉት ጥቃቅን ጽሑፎች ማለቴ ነው፦ በቋሚው ዘንግ ላይ በጎኑ ስለተኛው ስያሜ፣ በአግድሙ ዘንግ ሥር አዘንብለው ስለሚደረደሩት ዓመታት፣ በጥግ ስለሚቀመጠው የምልክት መፍቻ፣ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ስለሚጠጋው የግርጌ ማስታወሻ። አንድ ሪፖርት ሲተረጎም አብዛኛው ድካም በአንቀጾቹ ላይ ይፈስሳል፤ እነዚህ ጽሑፎች ግን ብዙውን ጊዜ ተነቅለው በዝርዝር መልክ ለተርጓሚው ይላካሉ፤ ተርጓሚውም ሥዕሉን ሳያይ አንድ በአንድ ይመልሳቸዋል። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህ አሠራር ለምን እንደሚያሳስት፣ በምትኩስ ምን ሊደረግ እንደሚችል ነው። በአጭሩ ለመግለጽ፣ በግራፍ ላይ ያለ ጽሑፍ የዓረፍተ ነገር ቁራጭ ነው፤ ቀሪው የዓረፍተ ነገሩ ክፍል የተጻፈው በመስመርና በነጥብ ነው። ስለዚህ መተርጎም ያለበት ሙሉው ዓረፍተ ነገር እንጂ ቁራጩ አይደለም።

ይህን በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ከማብራራት ይልቅ አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልሂድበት። ምሳሌው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። ጥናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። በየጊዜው ከተለኩት ነገሮች አንዱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የአካል እድገት ነው። የ2016ቱ ሪፖርት የአራቱን ጥናቶች ውጤት ጎን ለጎን ያቀርባል። የቀነጨሩት ሕፃናት ድርሻ በመቶኛ 58፣ 51፣ 44፣ 38 ሆኖ ወርዷል። የከሱት 12፣ 12፣ 10፣ 10 ናቸው። ክብደታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰው ደግሞ 41፣ 33፣ 29፣ 24 ናቸው። ቁጥሮቹ የሪፖርቱ ናቸው፤ አሁን የምገልጸው የሥዕሉ አቀማመጥ ግን ለዚህ ንግግር እኔ ያዘጋጀሁት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሪፖርቶች ዘንድ የተለመደውን አሣሣል የተከተለ ነው።

ሥዕሉን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ከግራ በኩል ቋሚ ዘንግ አለ፤ በጎኑም 90 ዲግሪ ዞሮ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ስያሜ አለ፤ ትርጉሙም «ከ5 ዓመት ዕድሜ በታች ያሉ ሕፃናት መቶኛ፣ እነርሱም፦» የሚል ነው። ከሥር አራቱ ዓመታት ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል ባለ ሦስት ቀለም የምልክት መፍቻ አለ፤ በእያንዳንዱ ቀለም አጠገብ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ተጽፋለች። በቀኙ ጠርዝ ደግሞ እንደ ቋሚው ዘንግ ስያሜ በጎኑ የተኛ የግርጌ ማስታወሻ አለ።

አሁን ይህ ሥዕል ወደ አማርኛ ይመለስ እንበል። የመጀመሪያው ችግር የሚገጥመን በምልክት መፍቻው ላይ ነው። ሦስቱ ቃላት ከሥዕሉ ተነቅለው በዝርዝር ሲመጡ ሁለተኛይቱ ቃል በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ «የባከነ» ማለት ናት። ሥዕሉን ያላየ ተርጓሚ «የባከነ» ብሎ ቢመልሳት ልንወቅሰው አንችልም፤ የተሰጠው ቃል ብቻ ነውና። የመጀመሪያይቱንም በነጠላና በተባዕት ጾታ «የቀነጨረ» ይላታል፤ እንግሊዝኛው ቁጥርንም ጾታንም አይነግረውምና። ሕፃናት በብዙ ቁጥር መጠራታቸውን የሚናገረው በሌላኛው የሥዕሉ ጫፍ፣ በጎኑ ተኝቶ የሚገኘው የቋሚው ዘንግ ስያሜ ነው። ባለቤቱ በአንድ ጥግ፣ ገላጩ በሌላ ጥግ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር የቃላት ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝኛው የተሠራው ዘንጉ ጀምሮ መፍቻው እንዲጨርሰው ሆኖ ነው። መቶኛው ይቀድማል፣ ሕፃናቱ ይከተላሉ፣ ገላጩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአማርኛ ግን ገላጭ ከተገላጭ ይቀድማል፤ «የቀነጨሩ ሕፃናት» እንላለን እንጂ «ሕፃናት የቀነጨሩ» አንልም። ስለዚህ የዘንጉን ስያሜ በቃሉ ስንመልሰው «ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቶኛ የሆኑት» የሚል፣ ከየትኛውም የመፍቻ ቃል ጋር የማይገጥም ሐረግ እናገኛለን።

እኔ የምከተለው መንገድ የሚከተለው ነው። ትርጉሙን ከመጀመሬ በፊት በሥዕሉ ላይ አንዲት ነጥብ እመርጥና ያቺን ነጥብ በአማርኛ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ለምሳሌ የመጨረሻዋን ከፍተኛ ነጥብ ብመርጥ፦ «በ2008 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ» እላለሁ። ይህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ሳይቸገር ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን እቆራርጠዋለሁ። «በ2008 ዓ.ም.» ወደ አግድሙ ዘንግ ይሄዳል። «ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል» ወደ ቋሚው ዘንግ ይሄዳል። 38 ቀድሞውኑ በነጥቧ ተነግሯል። «የቀነጨሩ» ወደ መፍቻው ይሄዳል። አሁን ቁራጮቹ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የወጡ ስለሆኑ አንባቢው በዓይኑ ሲሰበስባቸው መልሰው ይገጥማሉ። «መቶኛ» የሚለው ቃል በስያሜው ውስጥ አለመኖሩንም አስተውሉ፤ ትርጉሙ ግን አልጠፋም፤ «ከ100 ሕፃናት መካከል» በሚለው ውስጥ ይገኛል።

ስለ መፍቻው ቃላት ትንሽ ልቆይ። ሦስቱ መለኪያዎች የተለያዩ ነገሮችን ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቁመት ከዕድሜ አንጻር ሲያጥር ነው፤ ሁለተኛው ክብደት ከቁመት አንጻር ሲያንስ ነው፤ ሦስተኛው ክብደት ከዕድሜ አንጻር ሲያንስ ነው። ለመጀመሪያው «መቀንጨር» የሚለው ቃል በአገራችን የጤና ጽሑፎች በሰፊው ተለምዷል። ለሁለተኛው ግን አንዳንዱ «መቀጨጭ»፣ ሌላው «መክሳት» ይላል። በአንቀጽ ውስጥ ሁለቱም ሊያስኬዱ ይችላሉ፤ ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ይደግፋቸዋልና። በግራፍ ላይ ግን «መቀንጨር» እና «መቀጨጭ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ጉዳት ያስከትላሉ። አንደኛው የዓይን ነው፤ ሁለቱም በ«መቀ» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በመካከላቸው «ጨ» አላቸው፤ በትንሽ መጠን ሲታተሙ ደግሞ መለየት ያዳግታል። ሁለተኛው የትርጉም ነው፤ በተለመደው አነጋገር «የቀጨጨ ልጅ» ስንል ያላደገ፣ ባለበት የቀረ ልጅ ማለታችን ነው፤ ይህም ወደ መጀመሪያው መለኪያ ይጠጋል። ስለዚህ በግራፍ ላይ «የቀነጨሩ»፣ «የከሱ» እና «ክብደታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ» የሚሉትን እመርጣለሁ። ሦስቱ በመልክም በርዝመትም ይለያያሉ፤ አንባቢም አንዱን ከሌላው አያምታታም።

ከዚህም ሌላ በዚህ ሥዕል ላይ መፍቻው ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። በመጨረሻው ዓመት ሦስቱ መስመሮች በ38፣ በ24 እና በ10 ላይ ያበቃሉ፤ ተራርቀዋል። በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ቃሉን በቀጥታ ለመጻፍ የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። እንዲህ ሲሆን አንባቢው ቀለም እያመሳከረ ከሥዕሉ ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ ሥዕሉ መመላለስ አይጠበቅበትም፤ ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ቢባዛ እንኳ ምንም አይጠፋም። መስመሮቹ ተጠጋግተው የሚያበቁ ቢሆን ኖሮ ግን መፍቻው መመለስ ነበረበት፤ ያን ጊዜ የመፍቻው ቅደም ተከተል መስመሮቹ በቀኝ ጫፍ ካላቸው ቅደም ተከተል ጋር እንዲመሳሰል አድርጌ አስቀምጠው ነበር።

አሁን ወደ ማዕዘን ጉዳይ ልምጣ። የቋሚው ዘንግ ስያሜ በጎኑ የሚተኛው ለምንድን ነው? ቦታ ለመቆጠብ ነው። ረጅም ስያሜ በአግድም ቢጻፍ ሥዕሉን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ስለዚህ ማዕዘኑ የትርጉሙ አካል አይደለም፤ ከቦታ እጥረት የመጣ መፍትሔ ነው። ተርጓሚውም ሆነ ገጽ አቀናባሪው ማዕዘኑን እንዳለ የመጠበቅ ግዴታ የለባቸውም።

ግዴታ ስለሌለባቸውም የማዕዘኑ ዋጋ በአማርኛ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የእንግሊዝኛው ስያሜ ክፍተቶቹን ጨምሮ 43 ምልክት ነው፤ እኛ ያገኘነው አማርኛ 35 ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው አማርኛው በሰፊው ይገባል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ የእኛ ፊደል በአማካይ ከላቲኑ ይሰፋል፤ ስለዚህ የሚይዙት ርዝመት እጅግም አይራራቅም። ዋናው ልዩነት በንባብ ላይ ነው። በፊደላችን አናባቢው የሚለየው በጥቃቅን ጭረት ነው። «ቡ»ን እና «ቢ»ን አስቡ፤ የአንዱ ጭረት በቀኝ ወገብ ላይ ነው፣ የሌላው ጭረት በቀኝ እግር ሥር ነው። ጽሑፉ 90 ዲግሪ ዞሮ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ የቀኙ ጎን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱም ጭረቶች በአናት ላይ ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው አንዱ መካከል ላይ፣ ሌላው ወደ ቀኝ መሆኑ ብቻ ይሆናል። ይህ በትልቅ ፊደል አያስቸግርም። በመጠን 6 ሲታተም ግን አንባቢው ወረቀቱን ያዞራል፤ ጽሑፉ በማያ ገጽ ላይ ከሆነም አንገቱን ያዘነብላል፤ ወይም ሳያነበው ያልፋል። ሳያነበው ካለፈ ደግሞ 38 የምን 38 እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ መፍትሔው ስያሜውን ከጎን አንሥቶ ከቋሚው ዘንግ አናት በላይ፣ በአግድም፣ ከግራ አስጀምሮ መጻፍ ነው። በዚያ ቦታ ስያሜው በሥዕሉ ሙሉ ስፋት ላይ ሊዘረጋ ይችላል፤ ቢረዝምም በሁለት መስመር ይከፈላል። ሥዕሉ በኤስቪጂ የተሠራ ከሆነ ለውጡ አንድ መስመር ነው። የመጀመሪያው መስመር የቀድሞውን፣ ሁለተኛው አዲሱን ያሳያል፦

```svg
<text transform="translate(18,200) rotate(-90)" text-anchor="middle">…</text>
<text x="40" y="20" text-anchor="start">…</text>
```

በመጀመሪያው መስመር ጽሑፉ ዞሮ መሀሉ ከዘንጉ መሀል ጋር ተገጥሟል። በሁለተኛው መዞሩ ቀርቶ የጽሑፉ መጀመሪያ ከዘንጉ አናት ጋር ተገጥሟል። ማዞሩን አስወግዶ `middle` የሚለውን እንዳለ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ የጽሑፉ ግማሽ ከገጹ ግራ ጠርዝ ውጭ ይወጣና ይቆረጣል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ስያሜው ከመካከሉ የጀመረ ይመስላል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የአግድሙ ዘንግ ነው፤ ዓመታቱ ማለቴ ነው። ቁጥር ስለሆኑ አይተረጎሙም ተብለው ይታለፋሉ። ነገር ግን «2000» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ለአማርኛ አንባቢ ሚሊኒየሙን ያስታውሰዋል፤ እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 2007 የገባው ዓመት ነው። «2016» የሚለውም 2023 ላይ ጀምሮ 2024 ላይ ያበቃውን ዓመት ያስታውሰዋል። ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ከቀሩ አንባቢው በሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ፊት ገፍቶ ይረዳዋል።

ነገሩ የሚከፋው በ2019 የተካሄደው አነስተኛው ዳሰሳ ጥናት በሥዕሉ ላይ ሲጨመር ነው። የዚያ ጥናት የመስክ ሥራ የተከናወነው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። በዚያ ጥናት የቀነጨሩት ሕፃናት ከመቶ 37 ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በተካሄደው ጥናት ደግሞ 44 ናቸው። እንግዲህ በአንድ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «በ2011» ብሎ የሚጽፍ ሰው 44 ማለቱም 37 ማለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ተከታታይ ጥናት የመጡ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ስምንት ዓመት ነው። አንባቢው ስሕተቱን ሊያገኝበት የሚችልበት አንዳች ምልክት በሥዕሉ ላይ የለም።

ስለዚህ ዓመታቱ መለወጥ አለባቸው። እንዴት ይለወጡ? ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ፣ ይኸውም የአውሮፓውያኑ ዓመት እስኪለወጥ፣ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ 8 ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያለውን ዓመት ማየት ብቻ አይበቃም፤ የመስክ ሥራው በየትኞቹ ወራት እንደተከናወነ ማየት ያስፈልጋል። የአራቱ ዋና ጥናቶች ጊዜ ሲታይ ልወጣው 1992፣ 1997፣ 2003 እና 2008 ይሆናል። በተለይ የሦስተኛው አስተማሪ ነው። መረጃው መሰብሰብ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 መጨረሻ ነው፣ የተጠናቀቀውም በ2011 ነው፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ይነካል። ከመጀመሪያው ጊዜ ላይ 7 ብንቀንስ 2003 ይሆናል፤ ከመጨረሻው ላይ 8 ብንቀንስም 2003 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ ያርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ መመርመር አለበት፤ ይኸውም በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ክፍተቶቹ 5፣ 6 እና 5 ዓመት ናቸው። በእኛም 5፣ 6 እና 5 ናቸው። ስለዚህ ነጥቦቹን ሳናንቀሳቅስ ስያሜያቸውን ብቻ መለወጥ እንችላለን። ከጥናቶቹ አንዱ በጥቅምት ተካሂዶ ቢሆን ግን ልዩነቱ 7 ይሆንና ክፍተቱ በአንድ ዓመት ይዛባ ነበር፤ ያን ጊዜ ስያሜውን ብቻ መለወጥ ስለማይበቃ ሥዕሉን የሠራው ሰው መጠየቅ ነበረበት።

ዓመታቱን ከለወጥን በኋላ ማዕዘኑ እንደገና ይመጣብናል። ተርጓሚው ጥንቃቄ ለማድረግ በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር «2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016)» ብሎ ቢጽፍ አጭር የነበረው ስያሜ ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። እንደ ኤክሴል ያሉ ፕሮግራሞች ቦታ ሲጠብባቸው ስያሜዎቹን በራሳቸው ያዘነብሏቸዋል። በእንግሊዝኛው ቀጥ ብለው የነበሩት ዓመታት በአማርኛው 45 ዲግሪ ያዘማሉ ማለት ነው። ያዘመመ ስያሜ የራሱ አደጋ አለው። ከስያሜው የትኛው ክፍል ነው ዘንጉ ላይ ያለውን ጭረት የሚነካው? ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚነበብ ከሆነ መጨረሻው ነው መንካት ያለበት። መሀሉ የተገጠመ እንደሆነ የስያሜው ጫፍ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ይጠጋል፤ አንባቢም የ1997ቱን ስያሜ የ2003 አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የመጨረሻውን ስያሜ ማየት ነው፤ የሥዕሉን ቀኝ ጠርዝ አልፎ ከወጣ ሁሉም ተንሸራተዋል ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው ግን ማዘመሙን ጨርሶ ማስቀረት ነው። ዓመታቱን በሁለት ረድፍ እጽፋቸዋለሁ። በላይኛው ረድፍ 1992፣ 1997፣ 2003፣ 2008 ይሆናሉ፤ በታችኛው ረድፍ፣ ፈዘዝ ባለ ቀለም፣ 2000፣ 2005፣ 2011፣ 2016 ይሆናሉ። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉት ምልክቶች በየረድፉ መጀመሪያ፣ በግራ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ። እያንዳንዱ ስያሜ ባለ አራት አኃዝ ሆኖ ስለሚቀር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዋናውን የእንግሊዝኛ ሪፖርት ማመሳከር የሚፈልግ ተማሪም የሚፈልገውን ዓመት እዚያው ያገኘዋል።

በመጨረሻ ወደ ግርጌ ማስታወሻው እንሂድ። በዚህ ሥዕል ላይ ማስታወሻው በቀኙ ጠርዝ በጎኑ ተኝቷል ብያለሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚደርስበት ዕጣ መጥፋት ነው። ጽሑፍን ከምስል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች በብዛት አግድም መስመር ይፈልጋሉ፤ የዞረውን ሳያስታውቁ ያልፉታል፣ ወይም ፊደል በፊደል በትነው ያወጡታል። ለተርጓሚው የሚደርሰው ዝርዝር ሙሉ ስለሚመስል ማንም አይጠራጠርም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥዕሉን በአራቱም ጎን እያዞሩ ያሉትን ጽሑፎች መቁጠር፣ ሥራው ሲያልቅም እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ የጎደለው ምን እንደሆነና መጉደል ይገባው እንደሆነ ይጠየቃል።

ማስታወሻው ቢጠፋ ምን ይጎዳል? በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ ቁጥሮቹ የተሰሉት የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው የሕፃናት እድገት መለኪያ እንደሆነ ይናገራል። የ2000ውን ጥናት የመጀመሪያ ሪፖርት ከፍቶ የሚያይ ሰው የቀነጨሩት 52 በመቶ ናቸው የሚል ያገኛል፤ በዚህ ሥዕል ላይ ግን ለዚያው ጥናት 58 ተጽፏል። የ2005ቱም ሪፖርት 47 ሲል ሥዕሉ 51 ይላል። ማስታወሻውን ያላነበበ ሰው ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው ይላል። ማስታወሻውን ያነበበ ግን የቀድሞዎቹ ሪፖርቶች በቀድሞው መለኪያ እንደተሰሉ፣ ሥዕሉ ደግሞ ሁሉንም በአዲሱ መለኪያ አስልቶ እንዲነጻጸሩ እንዳደረገ ይረዳል።

ሁለተኛው፣ ማስታወሻው «የቀነጨረ» የሚባለው ማን እንደሆነ ይወስናል። ሕፃኑ ቁመቱ ከዕድሜው አንጻር ሲለካ ከመለኪያው ሚዲያን ከ−2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በታች ከሆነ ቀንጭሯል ይባላል። እዚህ ላይ አንዲት ጭረት ብዙ ትሸከማለች። የመቀነስ ምልክቱ የራሱ መለያ አለው፣ U+2212 ይባላል፤ በአንዳንድ የግዕዝ ፊደል ፋይሎች ውስጥ ስለማይገኝ በቦታው ባዶ ሳጥን ሊታይ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በምትኩ ተራው ሰረዝ ቢገባ ደግሞ መስመሩ በዚያ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ሰረዙ በመስመሩ መጨረሻ ይቀራል፣ 2 ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል፤ አንባቢውም ሰረዙን የቃል መክፈያ አድርጎ ያልፈዋል። በሁለቱም መንገድ የሚቀረው «ከ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በታች» የሚል ነው። በመለኪያው መሠረት ከ+2 በታች የሆኑት ሕፃናት ከመቶ 98 ያህል ናቸው። እንግዲህ ጭረቲቱ ስትጠፋ ትርጓሜው ሕፃናትን ሁሉ ለማለት ይቃረባል።

ስለዚህ በአማርኛው ምልክቱን በቃል እተካዋለሁ፦ «የቀነጨሩ ማለት ቁመታቸው፣ ለዕድሜያቸው ከተቀመጠው ሚዲያን ከ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ዝቅ ያለ ማለት ነው።» እንግሊዝኛው «በታች» ያለውን እኔ «በላይ ዝቅ ያለ» ማለቴን አስተውሉ። ከ−2 በታች መሆን ማለት ከሁለት በሚበልጥ መጠን መውረድ ነው፤ ምልክቱ ሲወገድ አነጋገሩ መገልበጥ አለበት። ምልክቱን አስወግዶ «በታች» የሚለውን እንዳለ መተው ከሁሉ የከፋው ውጤት ነው። ማስታወሻውም ከጎን ተነሥቶ ከሥዕሉ ሥር በአግድም ይቀመጥ፤ እዚያ ለሁለት ሙሉ መስመር የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

ሥራው እንደተሳካ እንዴት እናውቃለን? እኔ የማምነው አንድ ፈተና ነው። የተተረጎመውን ሥዕል ብቻውን፣ ያለ አንቀጾቹና ያለ እንግሊዝኛው፣ ከዚህ በፊት ላላየው ሰው እሰጠዋለሁ። ከዚያም ሦስት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ ይህቺ ነጥብ የምትናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ፤ ይህ የሆነው ስንት ዓመት ሆነው፤ ሦስቱን ቁጥሮች መደመር ይቻላል ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ ዘንጉና መፍቻው መግጠማቸውን ይፈትሻል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠሩን ይፈትሻል። ሦስተኛው የመፍቻውን ቃላት ይፈትሻል፤ አንድ ሕፃን የቀነጨረም የከሳም ሊሆን ስለሚችል 38ን፣ 24ን እና 10ን ደምሮ 72 ማለት አይቻልም፤ መላሹ ከደመራቸው ቃሎቻችን ሦስት የተለያዩ የሕፃናት ቡድኖች አስመስለዋቸዋል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ወሰን እንዳለውም መናገር ይገባኛል። ሥዕሉ በምስልነት ብቻ ከመጣ፣ ወይም ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ ተለውጠው ከሆነ፣ የሚነካ ጽሑፍ የለውም፤ ዋናው ፋይል ካልተገኘ ያለው ምርጫ ከቁጥሮቹ ተነሥቶ እንደገና መሣል ነው። ስያሜን ከጎን ወደ አናት ማዛወርም የተርጓሚው ብቻ ሥልጣን አይደለም፤ የአሳታሚው የገጽ ደንብ የሚከለክልበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ተርጓሚው ስያሜውን ወደ «ከ100 ሕፃናት» አሳጥሮ ዕድሜውን ወደ ሥዕሉ ርእስ ሊያዛውረው ይችላል፦ «ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የእድገት ሁኔታ፣ ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም.»። ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ቦታ ላይ ተቆረጠ እንጂ አልጎደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልመጃ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነው። በእጃቸው ያለውን የትኛውንም ግራፍ ወስደው፣ አንድም ቃል ከመተርጎማቸው በፊት፣ ከነጥቦቹ አንዷን በሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፏት። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካልቻሉ ሥዕሉን ገና አላነበቡትም፤ ወይም ከጽሑፎቹ አንዱ፣ ምናልባትም በጎኑ የተኛው፣ አልደረሳቸውም።